የአንድ ጊዜ ክፍያ ወይስ የዕድሜ ልክ አበል? በቅናሽ ምጣኔና በቀሪ ዕድሜ ማወዳደር

ጡረታ የሚወጣ ሰው በአንዳንድ የጡረታ ዕቅዶች ሁለት ምርጫ ይቀርብለታል። አንደኛው እስከ ዕለተ ሞቱ በየጊዜው የሚከፈል አበል ነው። ሁለተኛው የዚያ ሁሉ አበል ምትክ ሆኖ ዛሬ ተጠቃሎ የሚሰጥ ገንዘብ ነው። ከተፈረመ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ መመለሻ የለውም፤ ስለዚህ ስሌቱ ከፊርማው በፊት መሠራት አለበት።

አንድ ምሳሌ ይዘን እስከ መጨረሻው እንሂድ። ጡረተኛዋ 65 ዓመቷ ነው። አበሉን ከመረጠች በየዓመቱ 12,000 ታገኛለች፤ አንድ ጊዜ መውሰድን ከመረጠች ዛሬ 144,000 ይሰጣታል። ስሌቱ በየትኛውም አገር ገንዘብ ያው ስለሆነ የገንዘቡን ስም ትቼዋለሁ። ክፍያው በየዓመቱ መጨረሻ እንደሚደርሳት እንቁጠር። በየወሩ ቢከፈል የአበሉ ዋጋ በጥቂቱ ከፍ ይላል እንጂ መሠረቱ አይለወጥም።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚሠራው ስሌት 144,000ን ለ12,000 ማካፈል ነው። ውጤቱ 12 ስለሆነ «እስከ 77 ከኖርኩ አበሉ ያዋጣል፤ ካልኖርኩ አያዋጣም» ይባላል። ይህ ስሌት ከ12 ዓመት በኋላ የሚመጣን ገንዘብ ዛሬ እጅ ከገባ ገንዘብ ጋር እኩል ያደርገዋል። ዛሬ የተቀበሉት ገንዘብ ግን እስከዚያ ወለድ ሊያፈራ ይችላል። ሁለቱን በአንድ ሚዛን ለማስቀመጥ ወደፊት የሚመጣው ክፍያ ሁሉ ወደ ዛሬ ዋጋው መመለስ አለበት፤ የሚመለስበት መቶኛም የቅናሽ ምጣኔ ይባላል። በ5 በመቶ ምጣኔ ከአንድ ዓመት በኋላ የሚደርሰው 12,000 ዛሬ 11,429 ያወጣል። ከ10 ዓመት በኋላ የሚደርሰው 7,367፣ ከ25 ዓመት በኋላ የሚደርሰው ደግሞ 3,544 ብቻ ነው። የአበሉ ጠቅላላ የዛሬ ዋጋ የእነዚህ ሁሉ ድምር ነው።

ድምሩ የት ላይ እንደሚቆም የሚወስነው ቀሪው ዕድሜ ነው። የጡረተኛዋ አማካይ ቀሪ ዕድሜ 18 ዓመት ነው እንበል፤ ማለትም እስከ 83። አምስት ዓመት ቢያጥር 13፣ አምስት ዓመት ቢረዝም 23 ይሆናል። በሦስት ምጣኔዎች የአበሉ የዛሬ ዋጋ እንዲህ ይወጣል።

| የቅናሽ ምጣኔ | 13 ዓመት ብትኖር | 18 ዓመት ብትኖር | 23 ዓመት ብትኖር |
|---|---|---|---|
| 3 በመቶ | 127,600 | 165,000 | 197,300 |
| 5 በመቶ | 112,700 | 140,300 | 161,900 |
| 8 በመቶ | 94,800 | 112,500 | 124,500 |

እያንዳንዱን ቁጥር ከ144,000 ጋር ያስተያዩት። በ3 በመቶ ረድፍ ዕድሜ ወሳኝ ነው፤ 13 ዓመት ለምትኖር የአንድ ጊዜ ክፍያው ይሻላል፤ 18 ወይም 23 ለምትኖር አበሉ በሰፊ ልዩነት ይበልጣል። በ5 በመቶ ረድፍ መካከለኛው ቁጥር ከቀረበው ገንዘብ በጥቂቱ ያንሳል፤ እኩል ለእኩል ነው ማለት ይቻላል። በ8 በመቶ ረድፍ ግን ሦስቱም ቁጥሮች ከ144,000 በታች ናቸው። እዚያ ረድፍ ላይ ረጅም ዕድሜ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ ነው፤ ምክንያቱም ከፍተኛ ምጣኔ የሩቁን ዓመት ክፍያ ያከስመዋል። በ25ኛው ዓመት የሚከፈለው 12,000 በ3 በመቶ ሲቀነስ 5,731 ያወጣል፤ በ8 በመቶ ሲቀነስ 1,752 ብቻ ይቀረዋል።

ከዚህ የሚከተለው ነገር በውይይቶች ሁሉ ተገቢውን ቦታ ሲያገኝ አላይም። ከፍተኛ ምጣኔ የመረጠ ሰው፣ ሳያስበው፣ ስለ ዘጠናዎቹ ዕድሜው መጨነቅ እንደማያስፈልግ ወስኗል። «ረጅም የሚኖር ቤተሰብ ነው ያለኝ» ቢልም ስሌቱ አይሰማውም። ስለዚህ ሁለቱን ግምቶች ለየብቻ ከመምረጥ በፊት ምጣኔውን በጥንቃቄ መያዝ ይገባል።

በቀረበው ገንዘብ ውስጥ የተደበቀው ምጣኔ

ምጣኔውን ከራስ ግምት ከመጀመር ይልቅ ከቀረበው ገንዘብ መፈልፈል ይቀላል። ጥያቄው ይህ ነው፦ 144,000 ወስጄ ራሴ ባስቀምጠው፣ ለ18 ዓመት በየዓመቱ 12,000 እንዲከፍለኝ ስንት በመቶ ማፍራት አለበት? በኤክሴል ወይም በመሰል ፕሮግራም እነዚህ ሦስት መስመሮች ይበቃሉ።

```
=RATE(18,12000,-144000)
=PV(5%,18,-12000)
=NPER(5%,12000,-144000)
```

የመጀመሪያው መስመር 4.7 በመቶ ገደማ ይሰጣል። ሁለተኛው ከላይ ያየነውን 140,300 ያወጣል። ሦስተኛው ገንዘቡ በ5 በመቶ እያፈራ በየዓመቱ 12,000 ቢወጣበት ለስንት ዓመት እንደሚበቃ ይናገራል፤ መልሱ 18.8 ነው። ምጣኔውን እየቀያየሩ ሦስተኛውን መስመር ቢያሠሩት፣ አበሉ ከቀረበው ገንዘብ ጋር የሚተካከልበት ዕድሜ ይታያል። ያለ ምንም ወለድ 77 ነበር። በ3 በመቶ 80 ይሆናል፤ በ5 በመቶ ወደ 84 ይጠጋል፤ በ8 በመቶ ወደ 107 ይዘልላል። ምጣኔው ከ8.33 በመቶ ሲደርስ ደግሞ መተካከያ ዕድሜ ጭራሽ አይኖርም፤ ምክንያቱም የ144,000 ወለድ ብቻውን 12,000 ይሞላል፤ ዋናው ገንዘብም አይነካም።

እንግዲህ ጥያቄው ተጨባጭ ሆኗል ማለት ነው። ጡረተኛዋ 4.7 በመቶ፣ ክፍያና ኮሚሽን ተቀንሶ፣ ያለ ስጋት፣ ለ18 ዓመት ታገኛለች ወይ? አበሉን የሚከፍለው ጽኑ ተቋም ከሆነ ንጽጽሩም ከጽኑ ነገር ጋር መሆን አለበት። ተገቢው መለኪያ አበሉ በሚከፈልበት ገንዘብ የሚሸጥ፣ ዘመኑም ረጅም የሆነ የመንግሥት ቦንድ ወለድ ነው። የአክሲዮን ገበያ የረጅም ዘመን አማካይ ትርፍ እዚህ ቦታ አይመጥንም። አክሲዮን ከፍ ያለ የሚያተርፈው ዋጋው ስለሚዋዥቅ ነው፤ አበሉ ግን አይዋዥቅም።

የመዋዠቁን ዋጋ በቁጥር ማየት ይቻላል። ጡረተኛዋ 144,000ውን ወስዳ በትክክል 5 በመቶ በየዓመቱ ታገኛለች እንበል። በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ገንዘቡ 151,200 ይሆናል፤ 12,000 ስታወጣ 139,200 ይቀራል። በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ 134,160 ይቀራል። ከ10 ዓመት በኋላ 83,600፣ ከ15 ዓመት በኋላ 40,400፣ ከ18 ዓመት በኋላ 9,000 ገደማ ብቻ ነው። በ19ኛው ዓመት ያለው ገንዘብ 12,000 አይሞላም። በዚያን ጊዜ 84 ዓመቷ ነው። አሁን አንድ ነገር ብቻ እንለውጥ፦ በመጀመሪያው ዓመት ገበያው 15 በመቶ ይወድቅባት፤ ከዚያ በኋላ ያለማቋረጥ 5 በመቶ ታግኝ። ከአንደኛው ዓመት ወጪ በኋላ 110,400 ይቀራታል፤ ገንዘቡም በ14ኛው ዓመት፣ በ79 ዓመቷ ያልቃል። የመጀመሪያው አንድ ክፉ ዓመት የአምስት ዓመት ኑሮ በላ። ያው ውድቀት በ15ኛው ዓመት ቢመጣ ኖሮ ጉዳቱ እጅግ ያነሰ ነበር፤ እየወጣ ባለ ገንዘብ ላይ የኪሳራው ቅደም ተከተል ከአማካዩ ያላነሰ ይወስናል። «በአማካይ 8 በመቶ አገኛለሁ» የሚል ሰው ይህን አስቦ እንደሆነ መጠየቅ ይገባዋል።

ሰው በራሱ ሲመርጥ ምን ያህል ከፍ ያለ ምጣኔ እንደሚጠቀም የሚያሳይ አንድ የታወቀ ምሳሌ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካ ጦር ቁጥሩን ሲቀንስ፣ ለሚለቁ ወታደሮች የአንድ ጊዜ ክፍያና በየዓመቱ የሚከፈል ገንዘብ አማርጦ ነበር። የዓመቱ ክፍያ የዕድሜ ልክ ሳይሆን ለተወሰኑ ዓመታት የሚዘልቅ ነበር። ሁለቱ እኩል የሚሆኑት ምጣኔው ከ17 በመቶ በላይ ሲሆን ነበር፤ ቦንድ የሚከፍለው ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። እንዲያም ሆኖ ከበታች ሹማምንትና ከተራ ወታደሮች ከ90 በመቶ በላይ፣ ከመኮንኖችም ከግማሽ በላይ የሚሆኑት የአንድ ጊዜውን ወሰዱ። እጅ ላይ የሚቆጠር ትልቅ ገንዘብ ዓይን ይስባል፤ በየዓመቱ የሚመጣው ትንሽ ገንዘብ ድምሩ አይታይም። ለዚህ ነው ምጣኔውን በቁጥር አውጥቶ ማየት የሚጠቅመው።

ከፍ ያለ ምጣኔ ትክክል የሚሆንበት አንድ ግልጽ ሁኔታ ዕዳ ነው። በ14 በመቶ ወለድ የሚከፈል ዕዳ ያለበት ሰው ያንን ዕዳ ሲዘጋ፣ ያለ ምንም ስጋት 14 በመቶ እንዳተረፈ ይቆጠራል። ነገር ግን ምጣኔው የሚሠራው ለዕዳው መጠን ብቻ ነው። ዕዳው 20,000 ከሆነ የቀረው 124,000 በቦንድ ወለድ ይለካል እንጂ በ14 በመቶ አይለካም።

ስንት ዓመት?

አማካይ ዕድሜ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ከልደት ጀምሮ የሚሰላው ነው። ያ ቁጥር በሕፃንነትና በወጣትነት የሞቱትንም ስለሚያካትት ለጡረተኛ አይሆንም። የአንድ አገር አማካይ ዕድሜ 70 ነው ቢባል፣ 65 የሞላው ሰው 5 ዓመት ብቻ ቀረው ማለት አይደለም፤ እስከዚህ የደረሰው አደጋውን አልፎ ነው። የሚያስፈልገው 65 ለሞላው ሰው የተሠራው ቀሪ ዕድሜ ነው፤ ይህም በሟችነት ሰንጠረዥ ላይ በየዕድሜው ተዘርዝሮ ይገኛል። ሴቶች በአማካይ ከወንዶች ይበልጥ ስለሚኖሩ ሰንጠረዡን በጾታ ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። ሰንጠረዡ የዛሬን የሞት መጠን ብቻ የሚያሳይ ከሆነ ደግሞ፣ በሚቀጥሉት ዓመታት በሕክምና የሚመጣውን መሻሻል አልቆጠረም ማለት ነው፤ ቀሪው ዕድሜ ከዚያ በጥቂቱ ሊረዝም ይችላል።

ትክክለኛውን ቀሪ ዕድሜ ይዞም ቢሆን አንድ ስሕተት ይቀራል። እስካሁን «በትክክል 18 ዓመት ትኖራለች» ብለን አስልተናል። እውነተኛው አማካይ ግን ከቶሎ ሞትና ከረጅም ዕድሜ የተደባለቀ ነው። ሁለት ጡረተኞችን እናስብ፤ አንዷ 8 ዓመት፣ ሌላዋ 28 ዓመት ትኖራለች። አማካያቸው ያው 18 ነው። በ5 በመቶ ምጣኔ የአንደኛዋ አበል ዛሬ 77,600፣ የሁለተኛዋ 178,800 ያወጣል። የሁለቱ አማካይ 128,200 ነው፤ ከ140,300 ወደ 12,000 ያንሳል። በ28ኛው ዓመት ግድም የሚጨመሩት ክፍያዎች እጅግ ስለተቀነሱ፣ ቀድማ በሞተችው ያልተከፈለውን አያካክሱም። የተደበቀውን ምጣኔ በዚህ ድብልቅ ብናሰላው ከ4.7 በመቶ ወደ 3.7 በመቶ ይወርዳል። የአንድ ፐርሰንት ልዩነት ከቀሪ ዕድሜ አማካይ ብቻ በመነሣታችን የመጣ ነው። ስለዚህ በአንድ አማካይ ዕድሜ የሚያሰላ ማንኛውም ማስያ አበሉን ከእውነተኛ ዋጋው ከፍ አድርጎ ያሳየዋል።

መፍትሔው የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1671 የኔዘርላንዱ መሪ ዮሐን ደ ዊት የዕድሜ ልክ አበልን ዋጋ የሞትን ዕድል ቆጥሮ አሰላ፤ በ1693 ደግሞ እንግሊዛዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ ኤድመንድ ሃሊ የእያንዳንዱን ዓመት ክፍያ ሰውየው እስከዚያ ዓመት በሕይወት በሚቆይበት ዕድል አባዛው፤ ከዚያም በወለዱ ቀነሰው፤ በመጨረሻም ደመረው። ዛሬም የመድን ባለሙያዎች የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። የሟችነት ሰንጠረዥ ያለው ሰው በአንድ ገጽ ላይ ሦስት ዓምዶችን ይዞ፣ ማለትም የመኖር ዕድል፣ የቅናሽ ማባዣና ክፍያ፣ በአንድ ከሰዓት ሊሠራው ይችላል።

እዚህ ላይ ግን የራሴን አቋም ማስገባት እፈልጋለሁ። የስሌቱ አማካይ ለተቋም ነው የሚበቃው፤ ተቋሙ በሺህ የሚቆጠሩ ጡረተኞች ስላሉት ቶሎ የሞተው ረጅም የኖረውን ያካክስለታል። አንድ ሰው ግን ያለው አንድ ዕድሜ ብቻ ነው። 8 ዓመት ብቻ ከኖረች ያጣችው ለወራሾቿ የሚተርፍ ገንዘብ ነው። 28 ዓመት ከኖረች ግን፣ የአንድ ጊዜውን ወስዳ ቢሆን ኖሮ፣ ከ84 እስከ 93 ያለ ገቢ ትቀራለች። ሁለቱ ጉዳቶች በእኔ ዓይን እኩል አይደሉም። ስለዚህ የአበሉ የዛሬ ዋጋ ከቀረበው ገንዘብ ጥቂት ቢያንስም፣ ሌላ ቋሚ ገቢ ለሌላት ሰው አበሉን እመርጣለሁ፤ ያ ልዩነት ለረጅም ዕድሜ የሚከፈል የመድን ዋጋ ነው። ሐኪም ያረጋገጠው ከባድ ሕመም ላለበት ሰው ፍርዱ ይገለበጣል። በ3 በመቶ እንኳ ከ15 ዓመት በታች የሚኖር ሰው በዚህ ምሳሌ የአንድ ጊዜውን ቢወስድ ይጠቀማል። የትዳር ጓደኛ ካለ ደግሞ የሚቆጠረው የአንዱ ዕድሜ ብቻ አይደለም፤ አበሉ ከሞት በኋላ ለጓደኛው በከፊል የሚቀጥል ከሆነ ክፍያው የሚቆመው ከሁለቱ ዘግይቶ የሚሞተው ሲሞት ነው፤ ይህም የ18 ዓመቱን ግምት በብዙ ያራዝመዋል።

የዋጋ ንረት ምጣኔውን ይለውጠዋል

በተግባር ብዙ ንጽጽር የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አበሉ ከዋጋ ንረት ጋር የሚያድግ ከሆነ፣ የቦንድ ወለዱ ከንረቱ ተቀንሶ የቀረው ነው መጠቀም ያለበት። አበሉ ካላደገ ግን ወለዱ ሳይቀነስ እንዳለ ይወሰዳል። የማያድግ አበልን በንረት በተቀነሰ ምጣኔ ማስላት አበሉን ያለ አግባብ ያገዝፈዋል፤ የሚያድገውን አበል ባልተቀነሰ ምጣኔ፣ ዕድገቱንም ሳይቆጥሩ ማስላት ደግሞ ያለ አግባብ ያሳንሰዋል።

ልዩነቱ ውሳኔ ይገለብጣል። በምሳሌያችን 12,000ው በየዓመቱ 2 በመቶ ቢያድግ፣ በ5 በመቶ ምጣኔና በ18 ዓመት የዛሬ ዋጋው ከ140,300 ወደ 162,600 ያድጋል፤ ከቀረበው 144,000ም ይበልጣል። በተቃራኒው አበሉ ባለበት ቢቆምና ዋጋ በየዓመቱ 4 በመቶ ቢጨምር፣ በ18ኛው ዓመት የሚቀበሉት 12,000 የዛሬን 5,900 ያህል ብቻ ይገዛል። ስለዚህ ለከፋዩ ተቋም የሚቀርበው የመጀመሪያ ጥያቄ «አበሉ ይጨምራል ወይ? የሚጨምረው በሕግ ነው ወይስ በተቋሙ ፈቃድ?» የሚለው ነው። በፈቃድ የሚሰጥ ጭማሪ በስሌቱ ውስጥ ሙሉ ሆኖ መግባት የለበትም።

ሁለተኛው ጥያቄ የአንድ ጊዜ ክፍያው በየትኛው ምጣኔና በየትኛው የሟችነት ሰንጠረዥ እንደተሰላ ነው። ተቋሙም ከላይ የሠራነውን ስሌት ነው የሚሠራው፤ ወለድ ሲጨምር የሚያቀርበው ገንዘብ ይቀንሳል። እ.ኤ.አ. በ2022 የቦንድ ወለድ በፍጥነት ሲጨምር፣ በአሜሪካና በብሪታንያ ለተመሳሳይ አበል የሚቀርበው የአንድ ጊዜ ክፍያ በግልጽ ወርዷል። ወለድ ከመጨመሩ በፊት የተሰላ ቁጥር የያዘ ሰው፣ ከጨመረ በኋላ ግን ገንዘቡን በአዲሱ ወለድ ማስቀመጥ የሚችል ከሆነ፣ የአንድ ጊዜ ክፍያው ከሚመስለው በላይ ያዋጣዋል። አዲሱ ስሌት ሥራ ላይ የሚውልበትን ቀን መጠየቅ ተገቢ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ የከፋዩ ጽናት ነው። ተቋሙ ቢወድቅ አበሉን የሚሸፍን የዋስትና ፈንድ አለ ወይ፤ ካለስ እስከ ስንት ይሸፍናል? ዋስትና የሌለው አበል በቦንድ ምጣኔ ብቻ መሰላት የለበትም፤ ጥቂት ፐርሰንት ጨምሮ ማስላት አደጋውን ወደ ዋጋ ይለውጠዋል። ግብር ደግሞ በሁለቱም በኩል ተቀንሶ ነው የሚወዳደረው። የአንድ ጊዜ ክፍያ በአንድ ዓመት ገቢነት ተቆጥሮ ወደ ከፍተኛው የግብር እርከን ከገባ፣ ከ144,000ው የሚቀረው 120,000 ሊሆን ይችላል፤ በዚህ ጊዜ የተደበቀው ምጣኔ እንደገና መሠራት አለበት። 120,000ን በ`RATE` ብናስገባው 7 በመቶ ገደማ ይወጣል፤ ከቀድሞው 4.7 ጋር ሲተያይ ራሷ ማግኘት ያለባት ትርፍ ብዙ ጨምሯል ማለት ነው። ንጽጽሩ ሙሉ እንዲሆን አበሉም ግብሩ ተቀንሶ ይግባ።

አንዳንድ ዕቅዶች ከሁለቱ ከፊል ከፊል መውሰድ ይፈቅዳሉ። ጡረተኛዋ 20,000 ዕዳ ቢኖርባት 20,000 ብቻ በአንድ ጊዜ ወስዳ፣ ለቀረው 124,000 በዓመት 10,333 አበል ልትቀበል ትችላለች። በዚህ መንገድ ለዕዳው 14 በመቶ፣ ለቀረው ደግሞ የቦንድ ወለድ፣ እያንዳንዱ ገንዘብ በራሱ ምጣኔ ተለክቶ ይወሰናል። ከፊል መውሰድ በቅጹ ላይ ካልተጻፈ ይፈቀድ እንደሆነ ከፋዩን ተቋም በጽሑፍ ይጠይቁ።